የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ለዳይሬክተር፦ ከሦስቱ አደራደሮች የትኛው ይሻላል?

የጥናት ሪፖርት ወደ ኃላፊ ቢሮ ሲገባ ከፊቱ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይቀድመዋል። ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ያንን ገጽ ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት ስብሰባ መካከል፣ እስክሪብቶ ይዘው። አንብበው ሲጨርሱ ወይ ይወስናሉ፣ ወይ ጠርዙ ላይ «ተጣርቶ ይቅረብ» ብለው ይመሩታል። ሁለተኛው ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱ አይደለም፤ የገጹ አደራደር ነው። መልሱ ሪፖርቱ ውስጥ፣ ምናልባትም ገጹ ላይ ጭምር አለ፤ ግን ዓይናቸው ባረፈበት ቦታ አልነበረም።

በቢሮዎቻችን በብዛት የሚታዩት አደራደሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የሪፖርቱን ቅደም ተከተል በአጭሩ የሚደግመው ነው፦ መግቢያ፣ ዓላማ፣ የጥናት ዘዴ፣ ግኝት፣ የመፍትሔ ሐሳብ። ሁለተኛው የሚጠየቀውን ውሳኔ ከላይ አስቀምጦ ምክንያቱን ከሥር የሚያስከትለው ነው። ሦስተኛው ሁሉንም በሠንጠረዥ የሚያቀርበው ነው። የትኛውም ለሁሉም ጉዳይ አይሆንም። ልዩነታቸው እንዲታይ አንድ ጉዳይ ይዘን በሦስቱም እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው እንጂ ከእውነተኛ ጥናት የተወሰዱ አይደሉም።

የምሳሌው ጉዳይ

ባሕር ዳር አጠገብ ጣና ዳር አንድ የዓሣ ማራገፊያ ቦታ አለ እንበል። 40 ጀልባዎች በቀን በአማካይ 600 ኪሎ ግራም ዓሣ ያወርዱበታል፤ አብዛኛው ቆሮሶና አምባዛ ነው። ከዚህ ውስጥ 90 ኪሎው ተበላሽቶ ይጣላል። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ማራገፊያው ላይ ማቀዝቀዣ ክፍል ለመሥራት 4.8 ሚሊዮን ብር በጀት አስይዟል። ከግዥው በፊት ጥናት ይደረግ ተባለ፤ 42 ገጽ ሪፖርት ወጣ።

የጥናቱ ትልቅ ግኝት ብክነቱ የት እንደሚደርስ ማሳየቱ ነው። ከ90 ኪሎው 60ው የሚበላሸው ዓሣው ገና የብስ ሳይደርስ ነው። መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሣል፤ 20 ኪሎ ያህሉ ሌሊቱን መረብ ውስጥ ሞቶ ያድርና ሲወጣ ለገበያ አይሆንም። ሌላው 40 ኪሎ ጀልባው ላይ፣ ያለ በረዶ፣ አራት ሰዓት ያህል ፀሐይ እየመታው ነው የሚበላሸው። ከወረደ በኋላ የሚበላሸው 30 ኪሎ ብቻ ነው። ከእሱም 10 ኪሎው ሲደርስ ቀድሞውኑ ስለተጎዳ ማቀዝቀዣ አያድነውም። ስለዚህ በጀት የተያዘለት ማቀዝቀዣ ክፍል በቀን የሚያድነው ቢበዛ 20 ኪሎ ሲሆን፣ ጀልባ ላይ የሚጫን የበረዶ ሣጥን ደግሞ 40 ኪሎ ያድናል።

ዳይሬክተሩ ከዚህ ሁሉ ማወቅ ያለባቸው ሦስት ነገር ነው። ምን ተገኘ? ከእኔ የሚፈለገው ምንድን ነው? ዝም ብል ምን ይሆናል? ሦስቱን አደራደሮች የምንመዝነው እነዚህ መልሶች በስንተኛው መስመር ላይ እንደሚገኙ በማየት ነው።

አንደኛው፦ የሪፖርቱን ቅደም ተከተል የሚከተለው

ይህን አደራደር አብዛኞቻችን ከመመረቂያ ጽሑፍ ይዘነው የመጣን ነው። የምሳሌያችን ጉዳይ በዚህ መልክ ሲጻፍ እንዲህ ይጀምራል፦

> የጣና ሐይቅ በአገራችን ካሉ ሐይቆች በስፋቱ ቀዳሚ ሲሆን፣ በዙሪያው ለሚኖሩ በርካታ የኅብረተሰብ ክፍሎች የገቢ ምንጭ ከመሆኑም ባሻገር በዓሣ ሀብቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከድኅረ ምርት አያያዝ ጋር በተያያዘ የሚስተዋለው ብክነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ይህ ጥናት የብክነቱን መጠንና መንስኤ በመለየት የመፍትሔ ሐሳብ ለማቅረብ ታስቦ የተካሄደ ነው። ለጥናቱም በቃለ መጠይቅ፣ በቡድን ውይይትና በመስክ ምልከታ መረጃ ተሰብስቧል…

ስህተት የለበትም። ነገር ግን ዳይሬክተሩ ጣና ትልቅ ሐይቅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ጥናቱ ለምን እንደተካሄደም ያውቃሉ፣ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ከገጹ ሲሶው እስኪያልቅ አንድም አዲስ ነገር አላገኙም። ብክነቱ ጀልባ ላይ መሆኑ ገጹ መካከል፣ የበጀት ለውጡ ጥያቄ ደግሞ የመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ «በመሆኑም» ከሚለው ቃል በኋላ ይመጣል። እዚያ ሳይደርሱ ስልክ ከጠራ ወይም ባለጉዳይ ከገባ ገጹ ተዘጋ ማለት ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። ዋናው ግስ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «ሲሆን» እና «ከመሆኑም ባሻገር» እየተባለ አራት መስመር የተቀጠለ ዓረፍተ ነገር ቁም ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ይዞት ይቆያል። ገጹ መልሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም እንደዚያው። አንባቢው ሁለት ጊዜ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ሲሆን» የሚለው ላይ ሲደርሱ አራት ነጥብ ማድረግና አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር። አብዛኛው ዓረፍተ ነገር ከሁለት መስመር ማለፍ የለበትም።

ይህ አደራደር ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ውሳኔ ለማይጠየቅበት ሪፖርት፣ ለምሳሌ የሩብ ዓመት አፈጻጸም ለመዝገብ ሲላክ፣ ወይም ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት በራሱ ቅጽ ሲጠይቅ ተገቢ ነው። አንባቢው ለጉዳዩ ጨርሶ አዲስ ሲሆን፣ ለምሳሌ ዳይሬክተሩ ከሌላ ዘርፍ ተዛውረው በቅርቡ የመጡ ከሆነ፣ የተወሰነ መነሻ ያስፈልጋቸዋል። ያኔም ቢሆን መነሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ዘዴውም አንድ መስመር። ከአንባቢው ውሳኔ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ይህን አደራደር አለመምረጥ ነው።

ሁለተኛው፦ ውሳኔውን የሚያስቀድመው

ለአብዛኛው የቢሮ ጉዳይ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ያው ጉዳይ በዚህ አደራደር ሲጻፍ ሙሉው ገጽ ይህን ይመስላል፦

> ጉዳዩ፦ ለማቀዝቀዣ ክፍል የተያዘውን በጀት ለበረዶ ማምረቻና ለበረዶ ሣጥን ስለማዋል
>
> የሚጠየቀው ውሳኔ
> 1. ከተያዘው 4.8 ሚሊዮን ብር 2.1 ሚሊዮኑ ለአንድ በረዶ ማምረቻ ማሽንና ለ40 የበረዶ ሣጥን ግዥ እንዲውል እስከ ሚያዝያ 20 ቢፈቀድ።
> 2. ማሽኑን የሚያስተዳድረው የአስጋሪዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሆን ቢወሰን።
>
> ቀሪው 2.7 ሚሊዮን ብር በምን ላይ እንደሚውል የዕቅድና በጀት ክፍል እስከ ሚያዝያ 30 ሐሳብ ያቀርባል።
>
> ምክንያቱ
> በቀን ከሚወርደው 600 ኪ.ግ. ዓሣ 90ው ይጣላል። ከዚህ 60ው የሚበላሸው የብስ ከመድረሱ በፊት ነው (ገጽ 17)።
> ማቀዝቀዣ ክፍሉ በቀን የሚያድነው ቢበዛ 20 ኪ.ግ. ነው፤ የበረዶ ሣጥን 40 ኪ.ግ. ያድናል (ገጽ 23)።
> ማሽኑና ሣጥኑ ወጪያቸውን በ15 ወር ይመልሳሉ፤ ማቀዝቀዣ ክፍሉ 8 ዓመት ይፈጅበታል (ገጽ 31)።
>
> የታዩ አማራጮች
> ማቀዝቀዣ ክፍሉን እንደታቀደው መሥራት፦ ዋናውን ብክነት አይነካም። ሁለቱንም መሥራት፦ 6.9 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል፤ በጀት የለም። እንዳለ መተው፦ በወር 450,000 ብር የሚያወጣ ዓሣ መጣሉ ይቀጥላል።
>
> ሥጋት
> መብራት ከአንድ ቀን በላይ ከጠፋ በረዶ አይኖርም፤ ጀኔሬተር በዋጋው ውስጥ አልተካተተም። ልኬቱ የተወሰደው በጥርና በየካቲት ስለሆነ የክረምቱን ሁኔታ አያሳይም።
>
> ባይወሰን
> ግዥው እስከ ሰኔ 30 ውል ካልታሠረለት በጀቱ ተመላሽ ይሆናል።

ርዕሱ ራሱ ሥራ እየሠራ መሆኑን ልብ ይሏል። «የጥናት ሪፖርት ስለማቅረብ» ቢል ዳይሬክተሩ ገና ምንም አላወቁም። «በጀቱን ለበረዶ ማምረቻ ስለማዋል» ሲል ግን ጉዳዩ የገንዘብ ለውጥ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ታወቀ።

የውሳኔው ዓረፍተ ነገር አራት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን እንደሚደረግ፣ በስንት ብር፣ ማን እንደሚያደርገው፣ እስከ መቼ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ምሪቱ ያንኑ ጎዶሎ ነገር ይጠይቃል። «ትኩረት ቢሰጠው»፣ «አስፈላጊው ድጋፍ ቢደረግ» የሚሉት ሐረጎች አራቱም የጎደሏቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ «እሺ» ብለው ቢፈርሙ እንኳ ማግስቱን ማን ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ጥሩ መፈተሻ አለ፦ ከውሳኔው ሥር «ተፈቅዷል» ብለው ቢጽፉበት የግዥ ክፍሉ ሌላ ሳይጠይቅ ሥራ መጀመር ይችላል? ካልቻለ ዓረፍተ ነገሩ አልተጠናቀቀም።

«ቀሪው 2.7 ሚሊዮን» የሚለውን መስመር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግን ማንኛውም ኃላፊ 4.8 እና 2.1ን አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ገጹ ላይ መልስ ካላገኙ የጠየቁት ውሳኔ ሁሉ እሱን ሲጠብቅ ይቆያል።

ከምክንያቶቹ መካከል የትኛው ገጹ ላይ ይግባ የሚለው ከሁሉም የሚከብድ ነው። 42 ገጹ ውስጥ ምናልባት 15 ግኝት አለ፤ ሁሉንም የሰበሰበው ባለሙያ ለሁሉም ይሳሳል። መምረጫው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ግኝት ሐሰት ቢሆን የምንጠይቀው ውሳኔ ይቀየራል? ብክነቱ ጀልባ ላይ ሳይሆን ማራገፊያው ላይ ቢሆን ኖሮ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ይገባል። በዐቢይ ጾም ወቅት የዓሣ ፍላጎት እንደሚጨምርም ጥናቱ አሳይቶ ይሆናል። እውነትና ጠቃሚ ነው፣ ግን ውሳኔውን ወዲህም ወዲያም አያደርገውም፤ ሪፖርቱ ውስጥ ይቅር። በዚህ ወንፊት ካለፉ በኋላ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ግኝት ይቀራል። ስድስትና ሰባት ከቀረ፣ ያለዎት አንድ ጉዳይ ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ነው፤ ለሁለት ገጽ፣ ለሁለት ፊርማ ይክፈሉት።

ቁጥር ሲጽፉ ከስንት እንደሆነ አብሮ ይታይ። «66.7 በመቶ» ከማለት «ከ90 ኪሎው 60ው» ማለት ይሻላል፤ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ በቃላቸው ሊደግሙት ይችላሉ። በኪሎ የጀመሩትን ገጹ መሀል ላይ ወደ ኩንታል ወይም ወደ መቶኛ አይቀይሩት። ሒሳቡም ሲጠየቅ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ይሁን፦ 40 ኪሎ በቀን፣ ኪሎው በ200 ብር፣ በወር 25 የሥራ ቀን፣ 200,000 ብር ይሆናል። ለማሽኑ ሥራ ማስኬጃ 60,000 ሲቀነስ 140,000 ይቀራል። 2.1 ሚሊዮን ለ140,000 ሲካፈል 15 ወር። ይህ ሒሳብ ገጹ ላይ አይጻፍም፤ ግን ገጽ 31 ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል መኖር አለበት፤ በቅንፍ የተጻፈው የገጽ ቁጥር እዚያ ያደርሳል። የገጽ ቁጥሩ የሌለበት ማጠቃለያ አንባቢውን «እመኑኝ» የሚል ነው።

የማሽኑ መጠንም እንዲሁ ከኋላው ምክንያት ይኑረው። በሞቃት አካባቢ ዓሣን በበረዶ ለመያዝ የሚሠራበት ልክ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ገደማ በረዶ ነው። በቀን 600 ኪሎ ዓሣ ከወረደ ማሽኑ ቢያንስ 600 ኪሎ፣ ከመቅለጡ ጋር 700 ኪሎ ገደማ ማምረት አለበት። ሪፖርቱ ውስጥ «300 ኪሎ የሚያመርት ማሽን» ተብሎ ከተገኘ የገጹ 40 ኪሎ ተስፋ ይፈርሳል። ማጠቃለያ ሲጻፍ እንዲህ ያለው ያልተገጣጠመ ነገር ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ያኔ የሚስተካከለው ሪፖርቱ እንጂ ገጹ አይደለም።

የሥጋቱን ክፍል ማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ «ያስፈራቸዋል» በሚል። በተቃራኒው ነው። ልኬቱ በሁለት ወር ብቻ መወሰዱን እኛ ካልነገርናቸው ሌላ ሰው በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ የሌሎቹም ቁጥሮች ተአማኒነት አብሮ ይወርዳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንዱ ውሳኔው በተግባር ምን ሊያሰናክለው እንደሚችል፣ አንዱ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያስኬድ። «የተለያዩ ተግዳሮቶች ሊያጋጥሙ ይችላሉ» የሚለው ግን ከሁለቱ አንዱንም አይናገርም።

ይህ አደራደር የሚከሽፍበት ቦታም አለ። ውሳኔው ዳይሬክተሩ ራሳቸው በአደባባይ የደገፉትን ነገር የሚሽር ሲሆን፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ይቅር» ማለት በሩን ሊዘጋው ይችላል። በምሳሌያችን ማቀዝቀዣ ክፍሉን ያቀዱት እሳቸው ከሆኑ፣ ከውሳኔው በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀደም ይበጃል፦ «ብክነቱን ለመቀነስ የተያዘው ዓላማ ትክክል ነው፤ ጥናቱ ያሳየው ብክነቱ በብዛት የሚደርሰው ጀልባ ላይ መሆኑን ነው።» ከአንድ ዓረፍተ ነገር ካለፈ ግን ወደ አንደኛው አደራደር ተመለስን ማለት ነው። ሌላው መክሸፊያ ውሳኔው የዳይሬክተሩ ሥልጣን ሳይሆን ሲቀር ነው። የበጀት ዝውውሩ ከበላይ አካል የሚፈቀድ ከሆነ «ቢፈቀድ» ማለት ፋይዳ የለውም፤ የሚጠየቀው «ለበላይ አካል እንዲቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ ቢፈረም» ነው። ይህን ከመጻፍ በፊት ከፋይናንስ ክፍሉ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፦ ሠንጠረዥ

ሠንጠረዥ የሚያምረው ብዙ፣ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ትናንሽ ውሳኔዎች ሲኖሩ ነው። የኦዲት ግኝት ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የተሽከርካሪ ነዳጅ፣ የንብረት ቆጠራ፣ የውሎ አበል፣ እያንዳንዱ የራሱ ግኝት፣ የራሱ ውሳኔ፣ የራሱ ኃላፊ አለው። ዳይሬክተሩ መስመር በመስመር «እሺ»፣ «ይቆይ» እያሉ ሊሄዱበት ይችላሉ።

የዓሣው ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። ብክነቱ ጀልባ ላይ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ክፍሉ አያድንም፤ ስለማያድን በጀቱ ይዛወር፤ ስለሚዛወር አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ይህን በሳጥን በሳጥን ቆርጠው ሲያስቀምጡት «ስለዚህ» የሚለው ማሠሪያ ይጠፋና ዳይሬክተሩ ሦስት ያልተያያዙ ነገሮች ያያሉ።

የቦታ ችግርም አለ። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ 2.5 ሲቀነስ 16 ይቀራል። አምስት ዓምድ ሲደረግ ለእያንዳንዱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። የአማርኛ ቃል ቅጥያው ብዙ ስለሆነ «እንደሚያስተዳድረውም» የሚል አንድ ቃል ዓምዱን ብቻውን ይሞላዋል፤ ጽሑፉ እንደ መሰላል ወደ ታች ይወርድና አንዱ ገጽ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ከአራት ዓምድ አይለፉ፤ በየሳጥኑም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ቁጥር ወይም ሐረግ ይግባ።

ሠንጠረዥ በጣም የሚረዳው ሁለተኛው አደራደር ውስጥ ለአማራጮች ማነጻጸሪያ ሲገባ ነው። ከላይ በአንቀጽ የጻፍነው የአማራጮች ክፍል እንዲህ ቢቀየር ገጹ አይረዝምም፤ ልዩነቱ ግን በአንድ እይታ ይታያል፦

| አማራጭ | ወጪ (ሚሊዮን ብር) | በቀን የሚድን ዓሣ | ወጪው የሚመለሰው |
|---|---|---|---|
| ማቀዝቀዣ ክፍል | 4.8 | 20 ኪ.ግ. | በ8 ዓመት |
| በረዶ ማምረቻና ሣጥን | 2.1 | 40 ኪ.ግ. | በ15 ወር |
| እንዳለ መተው | 0 | የለም | — |

የሚመከረው መስመር ብቻ ደመቅ ይበል። ሦስት መስመር ደምቆ ካየን የትኛውም አልደመቀም።

የቱን እንምረጥ?

ከአንባቢው የሚጠየቁ ውሳኔዎችን ይቁጠሩ። ምንም ከሌለ አንደኛው አደራደር ይበቃል። አንድ፣ ሁለት ወይም ተያያዥ የሆኑ ሦስት ካሉ ሁለተኛው። አራትና ከዚያ በላይ፣ ያልተያያዙ ከሆኑ ሠንጠረዥ፤ ከላዩ ግን «ሰባት ውሳኔዎች ይጠየቃሉ፤ ሁለቱ ከሚያዝያ 20 በፊት መወሰን አለባቸው» የሚል አንድ መስመር ይኑረው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ምርጫውን ሊቀይር ይችላል፤ ገጹ የሚነበብበት ቦታ። አሁን ብዙ ማጠቃለያ በቴሌግራም ተልኮ በስልክ ይነበባል። በስልክ ላይ ሠንጠረዥ ፊደሉ ያንሳል፣ ወደ ጎን መሳብ ይጠይቃል። ዳይሬክተሩ መስክ ላይ ከሆኑ፣ ውሳኔዎቹ ብዙ ቢሆኑም እንኳ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይሻላሉ። ፋይሉንም በፒዲኤፍ ይላኩ። በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ የዎርድ ፋይል ያ ፊደል በሌለበት ስልክ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በ Nyala፣ መጻፍ ይህን ችግር ያስቀረዋል።

ሁሉን በአንድ ገጽ ለማስገባት ሲባል ፊደሉን ወደ 9 ማውረድና ጠርዙን ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ማጥበብ የተለመደ ማምለጫ ነው። በ12 ፊደልና በ2.5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ፣ ርዕሶችና ክፍተቶች ተጨምረው፣ አንድ ገጽ በምቾት የሚይዘው 300 ቃል ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ የሚቀነሰው ቃሉ ነው። ጠርዙ ባዶ ሆኖ መቅረቱ ለሌላም ይጠቅማል፤ ዳይሬክተሩ ምሪታቸውን የሚጽፉት እዚያው ላይ ነው።

ከመላኩ በፊት

የውሳኔውን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በፊት፣ ሪፖርቱ ገና በረቂቅ እያለ ይጻፉት። ሌላውን ክፍል ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ይሙሉ። ውሳኔውን መጻፍ ካቃተዎት ጥናቱ ገና መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ ያንን በጊዜ ማወቅ ይሻላል።

ከዚያ በጥናቱ ያልተሳተፈ ባልደረባ ይፈልጉ። ገጹን ለሁለት ደቂቃ ያስነብቧቸውና ወረቀቱን ይገልብጡት። ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ምን ተገኘ? ምን ይወሰን ተባለ? እስከ መቼ? ምን እንደተገኘ ነግረውዎት ምን ይወሰን እንደተባለ ካልመለሱ፣ ውሳኔው ከግኝቱ ሥር ተቀብሯል፤ ወደ ላይ ይውጣ። ውሳኔውን ነግረውዎት ለምን እንደሆነ መናገር ካልቻሉ ግኝቱ በዝቷል ወይም ከውሳኔው ጋር አልተሣሠረም። «ዓሣ በጣም ይባክናል» ብቻ ብለው ከመለሱ ደግሞ የቀረላቸው መግቢያው ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ቁጥር በእጅ ከሪፖርቱ ጋር ያመሳክሩ፤ በተለይ ሪፖርቱ በመጨረሻው ሰዓት ከተሻሻለ። ገጹ ላይ 60 ኪሎ፣ ገጽ 17 ላይ 64 ኪሎ ከተገኘ፣ ዳይሬክተሩ ልዩነቱ አራት ኪሎ ነው ብለው አያልፉትም። የቀሩት ቁጥሮች ላይ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ፣ ጉዳዩም ለማጣራት ይመለሳል፣ ሚያዝያ 20ም ያልፋል።